በ7 የሚፈርሰው ድምር በ−1 ለምን ይጸናል?

"መምህር፣ አራት ኪሎ የምማር እህታችሁ ነኝ። Σ n(x−3)^n / (4^n (n²+1))፣ n ከ1 ጀምሮ፣ ኢንተርቫሉን አውጡ ተባልን። በሬሾ ቴስት −1 < x < 7 አገኘሁ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በዚያው ቴስት ሞከርኳቸውና ሁለቱም 1 ሰጡኝ። 'ሁለቱም ዳይቨርጅ ያደርጋሉ' ብዬ ጻፍኩ፤ ተሳስተሻል ተባልኩ። x = 7 ላይ ከ1/n ጋር ሳወዳድረው ደግሞ ያንሳል። ታዲያ ኮንቨርጅ ያደርጋል ማለት ነው? ለአንዱ ጫፍ አንድ ቴስት፣ ለሌላው ሌላ ቴስት የሚያስፈልገውስ ለምንድን ነው?"

እህቴ፣ ያገኘሽው 1 የስሌት ስህተት አይደለም። ኢንተርቫሉን በሬሾ ቴስት ካወጣሽ በኋላ ጫፉን በዚያው ቴስት ብትሞክሪ መልሱ ምንጊዜም 1 ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱን ካየሽው የጥያቄሽ ግማሽ አብሮ ይፈታል።

መጀመሪያ ላይ ምን እንዳደረግሽ አስቢ። ተከታዩን ተርም ለአሁኑ ተርም አካፈልሽ። አብሶሉት ቫልዩ ወሰድሽ። n እየገፋ ሲሄድ የተረፈሽ ይህ ብቻ ነው፦

```
|x − 3| / 4
```

"ይህ ከ1 ይነስ" አልሽ፤ −1 < x < 7 መጣልሽ። እንግዲህ ጫፎቹ ምንድን ናቸው? |x − 3| / 4 ልክ 1 የሚሆንባቸው ሁለት ቦታዎች ናቸው። 1 እንዲሰጡ አድርገሽ የመረጥሻቸው ራስሽ ነሽ። መልሰሽ ስትጠይቂው ያንኑ ይነግርሻል። ሬሾ ቴስት ከ1 ሲያንስ "ኮንቨርጅ" ይላል፤ ከ1 ሲበልጥ "ዳይቨርጅ" ይላል፤ ልክ 1 ላይ ግን ዝም ይላል። አንቺ ዝምታውን "ዳይቨርጅ" ብለሽ ተረጎምሽው። ነጥብ ያስቀነሰሽ ይኼ ነው። ሩት ቴስት ልሞክር ብትዪም እዚያው ቦታ ላይ እንደዚሁ ዝም ይልሻል።

አሁን ሁለቱን ጫፎች እናስገባ። x = 7 ሲሆን (x−3)^n ማለት 4^n ነው፤ ከታች ካለው 4^n ጋር ይጣፋል። x = −1 ሲሆን ደግሞ (−4)^n ነው። 4^n ሲጣፋ የሚቀረው (−1)^n ብቻ ነው። ሁለቱን አንዱን ከሌላው በታች ጻፊያቸው፤ ዓይንሽ ራሱ እንዲያይ፦

```
x = 7 :    1/2 + 2/5 + 3/10 + 4/17 + 5/26 + ...
x = −1:  − 1/2 + 2/5 − 3/10 + 4/17 − 5/26 + ...
```

ቁጥሮቹ አንድ ናቸው። የተለየው ምልክቱ ብቻ ነው። ይህ የዚህ ጥያቄ አጋጣሚ አይደለም፤ በየትኛውም ፓወር ሲሪየስ ሁለቱ ጫፎች ከመሃሉ እኩል ስለሚርቁ ያለ ምልክት ስታያቸው ቁጥሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ሬሾ ቴስት ደግሞ አብሶሉት ቫልዩ ስለሚወስድ ምልክትን አያይም። ሁለቱን ጫፎች መለየት የማይችለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በየጫፉ የሚጠየቀው ጥያቄ የተለያየ ነው። x = 7 ላይ ሁሉም ተርም ፖዘቲቭ ነው፤ ድምሩ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ገንዘብ ሁልጊዜ እንደሚያስገባና ፈጽሞ እንደማያወጣ ሰው ነው። የሚጠየቀው፣ የሚገባው ገንዘብ ድምሩ አንድ ቦታ ላይ እስኪቆም ድረስ በፍጥነት እያነሰ ይሄዳል ወይ ነው። x = −1 ላይ ግን አንዴ ይገባል፣ አንዴ ይወጣል። እዚያ የሚጠየቀው መጣፋቱ በሥርዓት ይሄዳል ወይ ነው። የመጀመሪያው የመጠን ጥያቄ ነው፤ በማወዳደር ይመለሳል። ሁለተኛው የመጣፋት ጥያቄ ነው፤ ማወዳደር አይመልሰውም፤ ማወዳደር የሚሠራው ተርሞቹ ኔጋቲቭ ካልሆኑ ብቻ ነውና።

ከቀኙ ጫፍ እንጀምር፤ አንቺም የሞከርሽው እሱን ነው።

ከ1/n ጋር ማወዳደርሽ ጥሩ ሐሳብ ነው። በn/(n²+1) ውስጥ n እየበዛ ሲሄድ ያ ከታች ያለው 1 ኢምንት ይሆናል፤ የሚቀረው n/n²፣ ማለትም 1/n ነው። ችግሩ አቅጣጫው ነው። በእርግጥ n/(n²+1) ከ1/n ያንሳል። ግን ከሚፈርስ፣ ማለትም ዳይቨርጅ ከሚያደርግ ድምር ማነስ ምንም አያረጋግጥም። ከረጅም ሰው ያጠረ ሁሉ አጭር አይደለም። 1/n² ከ1/n ያንሳል፤ ድምሩ ኮንቨርጅ ያደርጋል። 1/(2n) ደግሞም ከ1/n ያንሳል፤ ድምሩ ግን ዳይቨርጅ ያደርጋል። ስለዚህ "ከ1/n ያንሳል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን የትም አያደርስሽም።

ዳይቨርጅ ያደርጋል ለማለት የሚያስፈልግሽ ከሥር የሚደግፍ ነው፤ ራሱ የሚፈርስ፣ ግን ከአንቺ ተርም የሚያንስ። ይህን ለማግኘት ታሕቱን ትንሽ አሳድጊው። n ከ1 ጀምሮ ስለሆነ 1 ከn² አይበልጥም። ስለዚህ n²+1 ከ2n² አይበልጥም። ታሕቱ ሲያድግ ክፍልፋዩ ያንሳል፦

```
n/(n²+1)  ≥  n/(2n²)  =  1/(2n)
```

አለቀ። Σ 1/(2n) የሃርሞኒክ ሲሪየስ ግማሽ ነው፤ ዳይቨርጅ ያደርጋል። ከእሱ የሚበልጠው የአንቺ ድምርም አብሮ ዳይቨርጅ ያደርጋል። ሃርሞኒክ ሲሪየስ መፍረሱን ለማመን ደግሞ ኒኮል ኦሬም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው መንገድ ይበቃል። 1/3 + 1/4 ከ1/2 ይበልጣል። ከ1/5 እስከ 1/8 ያሉት አራቱ አብረው ከ1/2 ይበልጣሉ። ከ1/9 እስከ 1/16 ያሉት ስምንቱም እንደዚሁ። ግማሽ በግማሽ ላይ እየተደመረ ማለቂያ የለውም።

አቅጣጫ መምረጥ የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ሊሚት ኮምፓሪዝን ቴስት አለልሽ። የአንቺን ተርም ለ1/n አካፍዪ፤ n²/(n²+1) ይመጣል፤ ሊሚቱ 1 ነው። ከዜሮ የሚበልጥና ማለቂያ ያለው ቁጥር እስከሆነ ድረስ ሁለቱ ድምሮች ዕጣቸው አንድ ነው። ሁለቱም ይፈርሳሉ። ይህ 1 ግን ከሬሾ ቴስቱ 1 ጋር እንዳይምታታብሽ። እዚያ ተከታዩን ተርም ለአሁኑ ተርም ነበር ያካፈልሽው፤ 1 ሲመጣ ዝም ይላል። እዚህ የአንቺን ተርም ለሌላ ሲሪየስ ተርም ነው ያካፈልሽው፤ 1 ሲመጣ ይናገራል። ተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ይህን ሲያደበላልቁ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በተለይ ሁለቱም ስሌቶች አንድ ገጽ ላይ ሲሆኑ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ካልኩሌተር ይዘሽ ጫፉን ለማየት ብትሞክሪ ሊያሳስትሽ ይችላል። የ100 ተርም ድምር 4.52 ገደማ ነው። የ1000 ተርም 6.81። የ10000 ተርም 9.12። አሥር ሺህ ቁጥር ደምረሽ ገና 10 አልደረሰም፤ ያየ ሰው "ሊቆም ነው" ይላል። አይቆምም። ልዩነቱን ተመልከቺ፤ የተርሙ ብዛት አሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር 2.3 ያህል ይጨመራል። ሁልጊዜ ያው 2.3 ነው፤ አይቀንስም። ኮንቨርጅ የሚያደርግ ድምር ቢሆን ኖሮ ይህ ጭማሪ ራሱ ወደ ዜሮ ይሄድ ነበር። ቀስ ብሎ ማደግና መቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጫፍ ላይ በቁጥር ሳይሆን በቴስት የሚፈረደውም ለዚህ ነው።

ወደ ግራው ጫፍ እንሂድ። x = −1 ላይ ያለው ይህ ነው፦

```
Σ (−1)^n · n/(n²+1)
```

እዚህ የሚያስፈልግሽ የላይብኒዝ ቴስት ነው፤ ክፍል ውስጥ አልተርኔቲንግ ሲሪየስ ቴስት የምትሉት። በመጀመሪያ ምልክቱ በየተራ መቀያየር አለበት፤ ይቀያየራል። ከዚያ ምልክቱን ትተሽ ስታዪው ተርሙ ወደ ዜሮ መሄድ አለበት፤ n/(n²+1) ወደ ዜሮ ይሄዳል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ተርም ከቀደመው መብለጥ የለበትም። ብዙ ተማሪ ሁለቱን አይቶ ሦስተኛውን "ግልጽ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እባክሽ አትለፊው። ለማሳየት አንድ መስመር ብቻ ነው የሚፈጀው።

የአሁኑ ተርም n/(n²+1) ነው፤ ተከታዩ (n+1)/((n+1)²+1) ነው። የአሁኑ ይበልጣል ለማለት በመስቀል ስናባዛ n((n+1)²+1) ከ(n+1)(n²+1) መብለጡን ማሳየት አለብን። ሁለቱን ዘርዝረሽ ቀንሺ፦

```
(n³ + 2n² + 2n) − (n³ + n² + n + 1)  =  n² + n − 1
```

n ከ1 ጀምሮ ስለሆነ n² + n − 1 ቢያንስ 1 ነው፤ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው። ተርሙ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይቀንሳል። ዴሪቫቲቭ የሚቀልሽ ከሆነ የt/(t²+1) ዴሪቫቲቭ (1−t²)/(t²+1)² ነው፤ t ከ1 ሲበልጥ ኔጋቲቭ ነው። በየትኛውም መንገድ ይሁን፣ ጻፊው።

አሁን ድምሩ ምን እንደሚያደርግ እይው። የመጀመሪያው −0.5። ሁለተኛው ሲጨመር −0.1። ከዚያ −0.4። ከዚያ −0.165። ከዚያ −0.357። ከዚያ −0.195። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆመሽ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ብትራመጂ፣ እያንዳንዱም ጉዞ ከቀደመው ቢያጥር፣ ከዚህ ቀደም ከደረስሽባቸው ሁለት ቦታዎች መካከል መውጣት አትችዪም። መካከሉ ደግሞ በየጉዞው ይጠባል፤ ጉዞው ወደ ዜሮ ስለሚሄድ በመጨረሻ አንድ ነጥብ ብቻ ይቀራል። እዚህ ያ ነጥብ −0.27 አካባቢ ነው። የመቀነስ ሁኔታው ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይታያል። አንዱ ጉዞ ከቀደመው ቢረዝም ከድንበሩ ትወጫለሽ።

ይኸው ሥዕል ስህተትሽ ምን ያህል እንደሆነም ይነግርሻል። 100 ተርም ደምረሽ ብታቆሚ ከእውነተኛው ድምር ያለሽ ርቀት ከ101ኛው ተርም አይበልጥም፤ ማለትም ከ0.0099 አይበልጥም። በቀኙ ጫፍ እንዲህ ያለ ዋስትና የለም፤ የሚደርስበት ቦታ ስለሌለ።

"ወደ ዜሮ እስከሄደና ምልክቱ እስከተቀያየረ ድረስ መቀነሱ ምን ለውጥ ያመጣል?" ትዪኝ ይሆናል። የሚፈርስ ምሳሌ ላሳይሽ። Σ (2+(−1)^n) x^n / n የሚለውን ውሰጂ። ራዲየሱ 1 ነው። x = −1 ላይ ተርሞቹ ያለ ምልክት 1, 3/2, 1/3, 3/4, 1/5, 1/2 እያሉ ይሄዳሉ። ወደ ዜሮ ይሄዳሉ፤ ምልክታቸውም በየተራ ይቀያየራል። ግን ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ አይቀንሱም። አሁን ክፍዪው፦

```
(−1)^n (2+(−1)^n)/n  =  2(−1)^n/n  +  1/n
```

የመጀመሪያው ክፍል ኮንቨርጅ ያደርጋል። ሁለተኛው ሃርሞኒክ ነው፤ ይፈርሳል። የሚጸናና የሚፈርስ ሲደመሩ ይፈርሳሉ። ሦስተኛውን ሁኔታ ሳታዪ "በላይብኒዝ ኮንቨርጅ" ብለሽ ብትጽፊ ኖሮ ትሳሳቺ ነበር።

የተገላቢጦሹም ወጥመድ አለ። የላይብኒዝ ሁኔታ አልተሟላም ማለት ድምሩ ይፈርሳል ማለት አይደለም። በዚያው ምሳሌ ታሕቱ ላይ ያለውን n በn² ተኪው፤ ተርሞቹ 1, 3/4, 1/9, 3/16 ይሆናሉ። 3/16 ከ1/9 ይበልጣል፤ መቀነስ የለም። ድምሩ ግን ኮንቨርጅ ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ተርም ያለ ምልክቱ ከ3/n² አይበልጥምና። ቴስቱ ካልሠራ የሚባለው "ሌላ ቴስት እንፈልግ" ነው። ልክ እንደ ሬሾው 1። የሚፈርደው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ተርሙ ራሱ ወደ ዜሮ ካልሄደ ድምሩ ይፈርሳል፤ ምልክቱ ቢቀያየርም ባይቀያየርም። ላዕሉ ላይ በn ፋንታ n³ ቢኖርሽ ኖሮ ሁለቱም ጫፎች በዚህ አንድ መስመር ወዲያው ይወድቁ ነበር።

እኔ ተማሪ ሳለሁ የሠራሁት ስህተት ከአንቺ ይለያል። አንድ ፈተና ላይ ቀኙን ጫፍ በትክክል አፈረስኩና "በሲሜትሪ ግራውም ይፈርሳል" ብዬ ጻፍኩ። ሲሜትሪው ያለው በቁጥሮቹ መጠን ላይ መሆኑን፣ ምልክቱ ሲጨመር ሲሜትሪው እንደሚሰበር ያን ጊዜ አልታየኝም። አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው፣ እሱም ጠቃሚ ነው። ፖዘቲቩ ጫፍ ኮንቨርጅ ካደረገ፣ ሌላውም ያደርጋል፤ ሁለተኛ ቴስት አያስፈልግም። የተርሞቹ አብሶሉት ቫልዩ ድምር ቢቆም፣ ምልክት ተቀያይሮባቸው ድምሩ መቆሙ አይቀርምና። ለምሳሌ ላዕሉ ላይ ያለው n ባይኖር ኖሮ ቀኙ ጫፍ Σ 1/(n²+1) ይሆን ነበር። ከ1/n² ያንሳል፤ ያ ደግሞ ኮንቨርጅ ያደርጋል፤ አቅጣጫው ትክክል ነው። ወዲያው [−1, 7] ትጽፊያለሽ፤ ላይብኒዝን መጥራት አያስፈልግሽም። ፖዘቲቩ ጫፍ ሲፈርስ ግን ስለ ሌላው ጫፍ ምንም አልተነገረሽም። ከአዲስ መጀመር አለብሽ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ፖዘቲቩን ጫፍ መጀመሪያ ሥሪ የምለው።

"ፖዘቲቩ ጫፍ" የምለው "ቀኙ" ላለማለት ነው። ብዙ ሰው "ቀኝ በኮምፓሪዝን፣ ግራ በላይብኒዝ" ብሎ ይሸመድዳል። በአንቺ ጥያቄ ላይ ይሠራል፤ በሚቀጥለው ላይ ያሳስታል። ጥያቄው ውስጥ አንድ (−1)^n ቢጨመር ሁሉ ነገር ይገለበጣል፦

```
Σ (−1)^n · n (x−3)^n / (4^n (n²+1))
```

x = 7 ላይ (−1)^n ብቻ ይቀራል፤ ምልክቱ የሚቀያየረው እዚህ ነው። x = −1 ላይ (−1)^n በ(−1)^n ሲባዛ 1 ይሆናል፤ ፖዘቲቩ እሱ ነው። ኢንተርቫሉ (−1, 7] ይሆናል። በ(x−3)^n ፋንታ (3−x)^n ቢሰጥሽም ውጤቱ ያው ነው። ኃይሉ 2n ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም (x−3)^(2n)፣ ሁለቱም ጫፎች ያንኑ ድምር ይሰጡሻል፤ በሲሜትሪ መዝጋት የሚፈቀደው እዚህ ነው። ስለዚህ ከየትኛውም ቴስት በፊት ጫፉን አስገቢና የመጀመሪያዎቹን አራት ተርሞች በእጅሽ ጻፊ። የቴስት ምርጫ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አስተካክለሽ ብትጽፊው በወረቀትሽ ላይ ይህ ይበቃል። x = 7 ላይ Σ n/(n²+1)፤ n/(n²+1) ≥ 1/(2n) ስለሆነ በኮምፓሪዝን ቴስት ዳይቨርጅ ያደርጋል። x = −1 ላይ Σ (−1)^n n/(n²+1)፤ ተርሙ ወደ ዜሮ ይሄዳል፣ n²+n−1 > 0 ስለሆነም ይቀንሳል፤ በአልተርኔቲንግ ሲሪየስ ቴስት ኮንቨርጅ ያደርጋል። አብሶሉት ቫልዩ ሲወሰድ ግን x = 7 ላይ ያለው ድምር ስለሚመጣ፣ ኮንቨርጀንሱ አብሶሉት ሳይሆን ኮንዲሽናል ነው። ይህችን የመጨረሻ መስመር ሌላ ስሌት ሳትሠሪ ታገኚያታለሽ፤ ቀኙን ጫፍ ስትሠሪ ሠርተሻታል። ኢንተርቫሉ [−1, 7) ነው፤ በ−1 በኩል የተዘጋ፣ በ7 በኩል የተከፈተ።